ለመለሱት ብር ወለድ መክፈል

ጎረቤቴ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አራት ላይ የታጠፈች ወረቀት ይዛ መጣች። ቡና ተፈልቶ ስለነበር ረከቦቱ አጠገብ ተቀመጠችና ወረቀቷን ዘረጋችልኝ። «ጋሼ፣ ፍሪጅ በዱቤ ልንገዛ ነው። በወር 4,720 ብር ነው፤ ወለዱም 18 በመቶ ብቻ ነው ብለውኛል። ከመፈረሜ በፊት እስቲ ይዩልኝ» አለችኝ።

ወረቀቱ ላይ የሰፈረው አጭር ነበር። ቁጥሮቹን ለአንባቢ እንዲቀልሉ በትንሹ አጠጋግቻቸዋለሁ። የፍሪጁ ዋጋ 60,000 ብር፣ ቅድሚያ ክፍያው 12,000፣ ቀሪው ዕዳ 48,000 ብር ነው። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፣ መክፈያው 12 ወር፣ ወርሃዊ ክፍያው 4,720 ብር። ከግርጌ ደግሞ በእስክሪብቶ «ፍላት» የሚል ቃል ተጽፏል።

እሷ ሒሳቡን ቤቷ ሆና አረጋግጣው ነበር። 48,000 በ18 በመቶ ሲባዛ 8,640 ብር ይሆናል። ይህን ዕዳው ላይ ስትደምረው 56,640፣ ለ12 ስታካፍለው 4,720። «ልክ ነው አይደል?» አለችኝ። ማባዛቱም ማካፈሉም ልክ ነው። ሻጩ ሒሳብ አላጭበረበረም። ቅድሚያውን ስንጨምርበት ለፍሪጁ የምትከፍለው በጠቅላላ 68,640 ብር ነው፤ ከዋጋው በላይ የሄደው 8,640 ብር መሆኑም ግልጽ ነው። ያልተገለጠላት ነገር ያ 18 በመቶ የተሰላው በየትኛው ብር ላይ እንደሆነ ነው።

ፍላት የሚባለው ወለድ በመጀመሪያው ቀን በነበረው ሙሉ ዕዳ ላይ አንዴ ይሰላና እስከ መጨረሻው ሳይቀንስ የሚሄድ ነው። አንዳንዶች በአማርኛ «ቋሚ ወለድ» ይሉታል፤ እኔ ግን ይህን አጠራር አልወደውም። ቋሚ ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው የወለዱ መጠን በመሃል አይጨምርም ማለት እንደሆነ ነው። ይህ ደግሞ ጥሩ ዜና ይመስላል። ፍላት ውስጥ የማይንቀሳቀሰው ግን መጠኑ ብቻ ሳይሆን ወለድ የሚታሰብበት ዕዳም ጭምር ነው። እየከፈሉት ቢሄዱም እንዳልተነካ ይቆጠራል። ሌላኛው አሠራር፣ ባንክ ቤት «ዲክላይኒንግ» የሚሉት፣ ወለዱን በየወሩ በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ ያሰላል። ዕዳው ሲቀንስ ወለዱም አብሮት ይቀንሳል።

በቃል ብነግራት «እሺ» ብላኝ እንደምትሄድ ስላወቅሁ ከተለቀመው ጥሬ ቡና 12 ፍሬ ቆጥሬ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። እያንዳንዷ ፍሬ 4,000 ብር ናት። 12 ፍሬ 48,000 ብር፣ ማለትም ሙሉ ዕዳዋ ነው። ከምትከፍለው 4,720 ብር ውስጥ 4,000 ዋናው ዕዳ፣ 720 ደግሞ ወለድ ነው ብለን እንውሰድ። እንግዲያው በየወሩ አንድ ፍሬ ወደ ሻጩ ይመለሳል ማለት ነው።

18 በመቶ በዓመት ማለት በወር 1.5 በመቶ ነው። ለአንዲት የ4,000 ብር ፍሬ የአንድ ወር ኪራይ ብንለው 60 ብር ይሆናል። እዚህ ድረስ አልተከራከርንም። በመጀመሪያው ወር 12ቱም ፍሬዎች እሷ ዘንድ ስላሉ 12 ጊዜ 60፣ 720 ብር ትከፍላለች። ይህ ተገቢ ነው። ወሩ ሲያልቅ አንዷን ፍሬ አንስታ ወደኔ ገፋቻት። አሁን እሷ ዘንድ ያሉት 11 ናቸው። የሁለተኛው ወር ኪራይ 660 መሆን ሲገባው ወረቀቱ ግን አሁንም 720 ይላል። በሦስተኛው ወር 10 ፍሬ ቀርቷል፤ ወረቀቱ 720 ይላል። ስድስት ፍሬ ሲቀርም 720።

እንዲህ እያልን መጨረሻው ወር ላይ ስንደርስ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ፍሬ ብቻ ቀረች። ጎረቤቴ ፍሬዋን አየት አድርጋ «ለዚህችም 720 ልከፍል ነው?» አለች። አዎ። ለ4,000 ብር ዕዳ በአንድ ወር 720 ብር ወለድ። ይህ ራሱ 18 በመቶ ነው፤ ግን የዓመት ሳይሆን የአንድ ወር።

ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ቆጠርነው። በእርግጥ እጇ ላይ የቆዩት ፍሬዎች በመጀመሪያው ወር 12፣ በሁለተኛው 11፣ እያለ እስከ 1 ሲደመር 78 ናቸው። 78 ጊዜ 60 ብር፣ 4,680 ብር ይመጣል። በቀረ ዕዳ ላይ በሚሰላ 18 በመቶ የምትከፍለው ወለድ ይህ ነበር። ሻጩ ያስከፈላት ግን 12ቱም ፍሬዎች 12ቱንም ወር እሷ ዘንድ እንደነበሩ ቆጥሮ ነው፤ 12 ጊዜ 12፣ 144 ይሆናል። 144 ጊዜ 60 ብር ያንኑ 8,640 ብር ይሰጣል። በመሃል ያለው ልዩነት 3,960 ብር ነው። ይህ እንግዲህ ቀድማ መልሳ ለሰጠችው ብር የተከፈለ ኪራይ ነው።

ስለዚህ «18 በመቶ» የሚለው ቁጥር ስሙ ነው እንጂ ልኩ አይደለም። በቡናው ቆጠራ ከሄድን፣ 144ን ለ78 አካፍለን በ18 ስናባዛ 33 በመቶ ይሆናል። ባንክ ቤት በሚጠቀሙበት ቀመር ደግሞ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ምክንያቱም እዚያ ከእያንዳንዱ ክፍያ መጀመሪያ ወለዱ ተነስቶ የተረፈው ነው ዋናውን ዕዳ የሚቀንሰው። ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ ኤክሴል ያለው ሰው ይህችን አንዲት መስመር ጽፎ ራሱ ማየት ይችላል፦

```
=RATE(12,-4720,48000)*12
```

የመጀመሪያው ቁጥር የወራቱ ብዛት፣ ሁለተኛው ወርሃዊ ክፍያው፣ ሦስተኛው በእርግጥ የተበደሩት ገንዘብ ነው። ከወርሃዊ ክፍያው ፊት ያለችው የመቀነስ ምልክት እንዳትረሳ፤ ከኪስ የሚወጣ መሆኑን የምትናገረው እሷ ናት። መልሱ 0.317 ገደማ ይመጣል፤ በዓመት ወደ 32 በመቶ የሚጠጋ ማለት ነው። ኤክሴል የሌለው ሰው ለአንድና ለሁለት ዓመት ዱቤ የሚበቃ ግምት በቃሉ መያዝ ይችላል። የፍላቱን ወለድ እጥፍ አድርጎ ትንሽ መቀነስ ነው። 18 ሲታጠፍ 36፣ ትንሽ ሲቀነስለት ሠላሳ ሁለት ሠላሳ ሦስት።

በአሜሪካ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አበዳሪዎች ለተበዳሪው የብድሩን እውነተኛ ዓመታዊ ዋጋ በአንድ በመቶኛ እንዲነግሩት የሚያስገድድ ሕግ አለ። እዚያ የሚኖሩ ዘመዶቻችን የክሬዲት ካርድ ወይም የመኪና ብድር ውል ላይ «ኤ ፒ አር» የሚል ፊደል የሚያዩት በዚህ ምክንያት ነው። ሕጉ የመጣው አንዱ በፍላት፣ ሌላው በቀሪ ዕዳ፣ ሌላው ደግሞ በራሱ መንገድ ወለዱን እየጠራ ተበዳሪው የትኛው እንደሚረክስ ማወዳደር ስላቃተው ነው። የጎረቤቴ ወረቀት እዚያ ቢሆን ኖሮ 18 የሚለው ቦታ 32 ገደማ ይጻፍበት ነበር። የሚከፈለው ብር አይለወጥም፤ የሚለወጠው ገዢዋ ስትፈርም የምታየው ቁጥር ነው።

ፍሬዎቹን ሰብስቤ ወደ ሰሌዳው ከመለስኩ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት። «አሁኑኑ በጥሬ ገንዘብ ብትገዢው ስንት ይሉሻል?» አልጠየቀችም ነበር። እዚያው ደወለችላቸው። ለጥሬ ገንዘብ 57,000 ብር እንደሚሉ ነገሯት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከፍላቱም ይልቅ። ዱቤ ሻጭ ሁለት ዋጋ ይኖረዋል። ገዢው በወርሃዊ ክፍያው ላይ ሲያተኩር ሁለተኛውን ዋጋ ሳይሰማው ይቀራል። የፍሪጁ እውነተኛ ዋጋ በጥሬ ገንዘብ የሚሸጥበት 57,000 ብር ነው። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ሁሉ፣ ወለድ ተባለም አልተባለም፣ የዱቤው ዋጋ ነው። ጎረቤቴ በጠቅላላ 68,640 ብር የምትከፍል ከሆነ ጭማሪው 8,640 ሳይሆን 11,640 ብር ነው። የተበደረችውም 48,000 ሳይሆን፣ ከ57,000 ላይ ቅድሚያው ሲነሳ፣ 45,000 ብር ብቻ ነው። በቀመሩ ውስጥ 48,000ን አውጥተን 45,000 ስናስገባ በዓመት 45 በመቶ ሊሞላ ጥቂት የጎደለ ወለድ ይመጣል። ስሙ ግን አሁንም «18 በመቶ» ነው።

ዱቤ ሻጭ ሁሉ ክፉ ነው ለማለት አይደለም። መክፈል አቋርጦ የሚጠፋ ገዢ አለ፤ ተያዥ ሆኖ የፈረመውም ስልኩን የሚያጠፋበት ጊዜ አለ። ነጋዴው ዕቃውን አስረክቦ ዓመት ሙሉ ሲጠብቅ ገንዘቡ ታስሮበታል፤ እሱም ከባንክ የተበደረ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ሊከፈለው ይገባል። እኔ የምሟገተው ዋጋው በስሙ ይጠራ ብዬ ነው። 68,640 የሚለው ቁጥር በትልቁ ተጽፎ፣ አጠገቡ 57,000 ቢቀመጥ፣ ገዢው መርጦ ይፈርም ነበር።

ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ፤ በወረቀቷ ላይ ባይኖሩም ሌላ ቦታ አይቻቸዋለሁ። አንደኛው ወለዱን ከቀሪው ዕዳ ሳይሆን ከሙሉው ዋጋ ላይ ማስላት ነው። 60,000 በ18 በመቶ 10,800 ብር ይሆናል። ቅድሚያ ለከፈለችው 12,000 ብርም ወለድ ተጠየቀች ማለት ነው፤ ያ ብር እሷ ዘንድ አንድም ቀን አላደረም። ወርሃዊ ክፍያው ከ4,720 ወደ 4,900 ከፍ ይላል። በወር 180 ብር ብቻ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፤ በዓመት ግን 2,160 ብር ነው። ለማወቅ ቀላል ነው፤ ወርሃዊ ክፍያውን በወራቱ ብዛት አባዝቶ ከውጤቱ ቀሪውን ዕዳ መቀነስና የተረፈው ከተባለው ወለድ ጋር መግጠሙን ማየት ነው። ካልገጠመ ወይ ወለዱ ከሌላ ቁጥር ላይ ተሰልቷል፣ ወይ ውስጡ «የአገልግሎት» የሚባል ክፍያ ገብቷል።

ሁለተኛው ወራቱን ማራዘም ነው። ጎረቤቴ 4,720 ከበደኝ ብትል ወዲያው «በሁለት ዓመት ይሁንልሽ» ይሏታል። ያኔ በወር 2,720 ብር ይሆናል፤ ለጆሮ በጣም ይቀላል። ፍላቱ ግን የሁለት ዓመት ወለድ ነው፤ 48,000 በ18 በመቶ በ2 ዓመት፣ 17,280 ብር። 60,000 የተባለው ፍሪጅ 77,280 ብር ይገባል። እንደ ቡናው ቆጠራ ካየነው በ24ኛው ወር የቀራት ዕዳ 2,000 ብር ሆኖ ሳለ የዚያ ወር ወለድ አሁንም 720 ነው። ወርሃዊ ክፍያው ዝቅ ባለ ቁጥር ጠቅላላው ከፍ ይላል። ወርሃዊውን ብቻ ይዞ የሚከራከር ገዢ እያተረፈ እየመሰለው ይከስራል።

ጎረቤቴ በቀላሉ የምትረታ ሴት አይደለችም። «እሺ ጋሼ፣ ግን ዋጋው በየወሩ እየጨመረ እንዴት ልጠብቅ? የዛሬ ዓመት ሰማንያ ሺህ ቢገባስ?» አለችኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን እንዳደረገን ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ይህንንም አብረን ቆጠርነው። እጇ ላይ 12,000 ብር አለ። ዱቤውን ትታ ያንኑ 4,720 ብር በየወሩ ብታስቀምጥ በ12 ወር 68,640 ብር ይኖራታል። እንግዲህ የዛሬ ዓመት በጥሬ ገንዘብ የሚሸጥበት ዋጋ ከ68,640 በታች ከሆነ መጠበቁ ያዋጣ ነበር ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ከወጣ ደግሞ ዱቤው ያዋጣት ነበር። ዋጋው ከ57,000 ተነስቶ እዚያ ለመድረስ 20 በመቶ ገደማ መጨመር አለበት። ይህ የማይሆን ነገር አይደለም። ለዚህ ነው «ዱቤ በፍጹም አትግዙ» ብዬ የማልጽፈው። አነስተኛ ሱቅ ኖሯት ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ የምትሸጥ ሴት ብትሆን ደግሞ ፍሪጁ ራሱ በየወሩ ያስገባላታል፤ ዓመት መጠበቅ ለእሷ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ጎረቤቴ ግን ፍሪጁን የፈለገችው ለእሑድ የሠራችው ወጥ እስከ ሐሙስ እንዲቆይላትና ለልጇ ወተት ነው።

መጠበቅና በፍላት መግዛት ብቻ አይደሉም ያሉት መንገዶች። ዕቁብ አለ። አሥር ሰው በወር 5,000 ብር ቢጥል ደራሹ 50,000 ብር ያነሳል፤ ወለድ የሚባል ነገር የለም። ችግሩ ዕጣው መቼ እንደሚወጣላት አለመታወቁ ነው። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ያለ ወለድ አበደረ። ዳኛውን አስፈቅዶ ከቀደመ ደራሽ ጋር ዕጣ መለዋወጥ የሚቻልበት ዕቁብ ብዙ ነው፤ ግን እሱም መተማመን ይፈልጋል።

ጎረቤቴ መምህርት ናት። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር አላቸው፤ እሷም ለዓመታት ከደመወዟ ሲቆረጥባት ኖሯል። «እነሱ ዘንድ ወለዱ ስንት ነው?» አልኳት። «15 በመቶ፣ በቀሪው ላይ» አለችኝና ዝም አለች። 18 እና 15 እንደ ቀላል ነገር ይመስላሉ፤ ሦስት ቁጥር ልዩነት ብቻ። አንዱ ፍላት ሌላው በቀሪ ዕዳ ላይ መሆኑን እስክታይ ድረስ ማኅበሩ ጋ ለመሄድ፣ ማመልከቻ ለመጻፍ፣ ሁለት ተያዥ ለመፈለግ አልታያትም ነበር።

የጥሬ ገንዘቡን ዋጋ 57,000 ይዘን 12,000 ከራሷ፣ 45,000 ከማኅበሩ አልን። በየወሩ ከዋናው 3,750 ብር ትመልሳለች። ፍሬው አሁን 3,750 ብር ሆነ፤ የአንድ ወር ኪራዩ በ1.25 በመቶ 46 ብር ከ88 ሳንቲም ገደማ ነው። ያንኑ 78 ስናባዛው ጠቅላላ ወለዱ 3,656 ብር ይሆናል። በመጀመሪያው ወር 4,312 ብር ተኩል ትከፍላለች፤ እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻው ወር 3,797 ብር ገደማ ይደርሳል። ፍሪጁ በጠቅላላ 60,656 ብር ይፈጃል። በፍላቱ ዱቤ ይወጣ ከነበረው 68,640 ጋር ስናስተያየው 7,984 ብር ይተርፋታል፤ ፍሪጁም ያው ፍሪጅ፣ ዓመቱም ያው አንድ ዓመት ነው።

ከመሄዷ በፊት ማኅበሩን አንድ ነገር እንድትጠይቅ ነገርኳት፤ ይህን ፍላት የሚያስከፍሉትንም መጠየቅ ይገባል። ገንዘብ አግኝታ በስድስተኛው ወር ዕዳዋን በሙሉ ልዝጋ ብትል የቀሩት ወራት ወለድ ይነሳላታል ወይ? በቀሪ ዕዳ ላይ በሚሰላ ብድር ይህ በራሱ ይሆናል፤ ዕዳ ከሌለ ወለድ የሚታሰብበት ነገር የለም። በፍላት ግን ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ዕዳው ላይ ተደምሯል። ውሉ ውስጥ ቀድሞ ለሚከፍል ይቀነስለታል የሚል ዓረፍተ ነገር ከሌለ ስድስት ወር ቀድማ ብትዘጋም የቀሩትን ስድስት ክፍያዎች፣ 28,320 ብር፣ እንዳሉ ሊጠይቋት ይችላሉ። ከዚህ ውስጥ 4,320 ብሩ ገና ላልደረሱ ወራት ወለድ ነው። በአፍ «እናይልሻለን» መባሉ አይበቃም፤ ከፊርማዋ በላይ መጻፍ አለበት።

ወረቀቷን መልሳ አራት ላይ አጠፈቻት። ሰኞ ከሥራ ስትወጣ ማኅበሩ ቢሮ ሄዳ ማመልከቻውን አስገባች። ብድሩ እስኪፈቀድ ሦስት ሳምንት ገደማ እንደሚወስድ ነግረዋት ስለነበር ማታ በሬን አንኳኩታ እስከዚያው ወተቷን እኔ ፍሪጅ ውስጥ እንዳስቀምጥላት ጠየቀችኝ።